«እጥፍ» የተባለው ከስንት ተነሥቶ ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

«በእጥፍ ጨመረ» የሚል ጽሑፍ መነሻ ቁጥሩን ካልጠቀሰ አንባቢ ሊመዝነው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ እንደሚያሳድጉ ሲያስጠነቅቅ፣ ብዙ ሴቶች እንክብሉን አቋረጡ፤ በቀጣዩም ዓመት የውርጃ ቁጥር ጨመረ። እጥፍ የተባለው ግን ከ7,000 ሴቶች ከአንዷ ወደ ሁለት ማደጉ ነበር። (እርግዝና ራሱ ከእንክብሉ የበለጠ ደም የማርጋት አደጋ እንዳለው ማን ነገራቸው?) ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ የጎደለው መነሻው ነው። ስለዚህ መቶኛ የሚጠቅስ ጸሐፊ ከስንት ሰው ስንቱ እንደሆነ ገልጦ፣ ምንጩንም «ጥናቶች» ብሎ ሳያልፍ የዋናውን ሰነድ ርእስ፣ ዓመትና ሠንጠረዡ የሚገኝበትን ገጽ ቢያሰፍር፣ የተጠራጠረ አንባቢ ራሱ ሊያመሳክረው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ