ብሩ አለ፣ ክፍያው ግን አይሄድም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሀዋሳ አንዲት አነስተኛ ሱቅ አለችኝ። ከሱቁ ሥራ ጎን ለጎን የሞባይል ገንዘብ ወኪል ሆኜ እሠራለሁ። ገንዘብ ገቢ አደርጋለሁ፣ ወጪ አደርጋለሁ፣ ሰው ሲቸግረው ደግሞ ስልኩን ተቀብዬ ችግሩን አያለሁ። በየቀኑ የምሰማው አንድ ቅሬታ አለ፤ «ብር አለኝ፣ ግን አልከፍልም አለኝ» ይሉኛል። ብዙዎቹ ገንዘባቸው የተበላ ይመስላቸዋል። አንዳንዱ ኔትወርኩን ያማርራል፣ ሌላው እኔን ይጠረጥራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ገደብ ነው። ይህን ለአንባቢዎቻችሁ ባስረዳ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

በትምህርት ቤት ምዝገባ ሰሞን የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንዲት ደንበኛዬ ልጇን ልታስመዘግብ 4,500 ብር መክፈል ነበረባት። ዋሌቷ ውስጥ 9,400 ብር አለ። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቱም ጊዜ «ግብይቱ አልተሳካም» የሚል መልእክት ብቻ መጣላት። ሱቄ ስትደርስ እንባዋ ሊመጣ ነበር፤ የምዝገባው መጨረሻ ቀን ነገ ነው። «ዛሬ ሌላ የላክሽው ገንዘብ አለ?» አልኳት። ጠዋት ለእናቷ 1,200 ብር ልካለች። ነገሩ ያኔ ተፈታ። የእሷ ሂሳብ በቀን እንዲያወጣ የተፈቀደለት 5,000 ብር ነው። 1,200 ቀድሞ ስለወጣ የቀራት 3,800 ብቻ ነው። 4,500 ስትጨምርበት 5,700 ይሆናል፣ ስለዚህ ሲስተሙ መለሰው። ሁለተኛ ላይ ቀንሳ 4,000 ብር ሞክራ ነበር። እሱም ሲደመር 5,200 ስለሆነ አላለፈም።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ላይ የምናየው ቀሪ ሂሳብ ምን ያህል ገንዘብ እንዳለን ይነግረናል። ከዚያ ውስጥ ዛሬ ምን ያህሉን ማንቀሳቀስ እንደምንችል ግን አይነግረንም። ሲስተሙ ለዚህ ሌላ ቆጣሪ አለው። ያ ቆጣሪ ለማን እንደላክን አይጠይቅም። ለእናት የተላከው፣ ለሱቅ የተከፈለው፣ ወደ ባንክ የተዛወረው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ይደመራል። ጠዋት በትንሽ በትንሹ ያወጣነው ማታ ትልቁን ክፍያ የሚያስመልስብን ለዚህ ነው።

ቆጣሪው መቼ ዜሮ ይሆናል? እኔ በማየው አገልግሎት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ስለሆነ ይህ ሰዎችን ያደናግራል። ደንበኛዬን «ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት የትምህርት ቤቱን ክፈዪ፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ ላኪ» አልኳት። በከፊል መክፈልም አልቻለችም፤ የትምህርት ቤቱ የክፍያ ቁጥር ሙሉውን ካልሆነ አይቀበልም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሞከረች፣ ወዲያው አለፈ። አንድም ነገር አልተስተካከለም፣ ቀኑ ብቻ ነው የተለወጠው።

የወሩ ቆጣሪ ደግሞ ከዚህ የባሰ ግራ ያጋባል። አንድ አትክልት ነጋዴ ደንበኛ አለኝ። እሑድን ሳይለይ በየቀኑ 1,800 ብር ለገበሬዎች ይልካል። ከቀን ጣሪያው በጣም በታች ነው። አንድ ቀን ኅዳር 14 ላይ መጥቶ «ዛሬ ምንም አልላክሁም፣ ወሩም ገና አልተጋመሰም፣ ለምን እምቢ ይለኛል?» አለኝ። የእሱ ሂሳብ የወር ጣሪያ 40,000 ብር ነው። የግብይት ታሪኩን ከፍተን ደመርነው። ሲስተሙ ወሩን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ ኖቬምበር የገባው ጥቅምት 22 ላይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ 22 ጊዜ ልኳል፣ 39,600 ብር ሆኗል። አንድ 1,800 ቢጨመር ጣሪያውን ያልፋል። አዲሱ ወር የሚከፈተው ኅዳር 22 ነው። እኛ ኅዳር 1 ብለን የጀመርነውን ወር ሲስተሙ አያውቀውም። ሰውየው ስምንት ቀን ጥሬ ብር ይዞ ገበያ ወጣ። በግል ዋሌት ከሚነግድ ይልቅ የነጋዴ ሂሳብ ቢያወጣ ጣሪያው ከፍ ይልለት ነበር። ለዚያ ግን ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠየቃል፤ እሱ ያኔ ፈቃዱን አላደሰም ነበር።

ሦስተኛው ገደብ ደግሞ የራሳችን ሳይሆን የተቀባዩ ነው። እያንዳንዱ ዋሌት ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን አለው። አንድ የባጃጅ ሾፌር ቀኑን ሙሉ በግል ዋሌቱ ሲቀበል ውሎ 19,600 ብር ደርሷል እንበል፤ ጣሪያው ደግሞ 20,000 ነው። እናንተ የኮንትራት 600 ብር ልትልኩለት ስትሞክሩ 20,200 ስለሚሆን ሲስተሙ ይመልሰዋል። መልእክቱ የሚመጣው ግን በእናንተ ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ የእናንተ ዋሌት የተበላሸ ይመስላችኋል። ሾፌሩ ጥቂት ወደ ባንክ ቢያዛውር ወይም ቢያወጣ የእናንተ ክፍያ ወዲያው ያልፋል።

ታዲያ እነዚህን ለይቶ ለማወቅ እኔ የማደርገው ቀላል ነው። መጀመሪያ የግብይት ታሪኩን አያለሁ፤ የተሞከረው ክፍያ በእርግጥ አልሄደም ወይስ ገና በሂደት ላይ ነው? ሳያዩ ደጋግሞ መሞከር አደገኛ ነው። የዘገየው ክፍያ በኋላ ቢያልፍ ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። ሂደት ላይ ያለ ክፍያም የዛሬውን ቆጣሪ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ለዚያው ተቀባይ 20 ብር አስልካለሁ። ካለፈ የመጠን ጉዳይ ነው፤ የዛሬውንና የወሩን ወጪ እንደምራለን። የእኛ ወጪ ከጣሪያው በታች ከሆነ ደግሞ የሞላው የተቀባዩ ዋሌት ሊሆን ይችላል። ለዚያ ሰው ካላለፈ ለሌላ ሰው እንሞክራለን። ለሌላው ካለፈ ችግሩ ተቀባዩ ጋር ነው። ለማንም ካላለፈ ገደብ ላይሆን ይችላል፤ ፒን ተሳስቶ የታገደ ሂሳብ ወይም የሲስተም መቋረጥ ሊሆን ስለሚችል ወደ ደንበኞች አገልግሎት መደወል ነው።

አሁን ወደ ሥሩ ልምጣ። የአንዱ ጣሪያ 5,000 ሆኖ የሌላው ከዚያ በብዙ የሚበልጠው በማንነት ማረጋገጫ ደረጃ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የክፍያ ሰነድ አውጪዎች መመሪያ የዋሌት ሂሳቦችን በሦስት ደረጃ ከፍሏቸዋል። ስለ እርስዎ ትንሽ የሚታወቅ ከሆነ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ማንነትዎ በሰነድ በተረጋገጠ ቁጥር ከፍ ይላል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። በስምና በስልክ ቁጥር ብቻ በተከፈተ ሂሳብ መቶ ሺዎች ቢዘዋወሩ ሌባ ይጠቀምበታል። ገደብ ካለ ግን ስልኩ የጠፋበት ሰውም ቢሆን በአንድ ሌሊት ሁሉንም አያጣም። መጠኖቹ በየአገልግሎቱ ይለያያሉ፣ በየጊዜውም ተሻሽለዋል። እዚህ የጠቀስኳቸው የነዚህ ሰዎች ሂሳብ ገደቦች ናቸው፤ የራሳችሁን ከየአገልግሎት ሰጪያችሁ ጠይቁ።

ያቺ ደንበኛዬ ግን መታወቂያ አላት፣ ፋይዳም አላት። ታዲያ ለምን ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ቀረች? ዋሌቱን የከፈተችው ከዓመታት በፊት ስልኳ ላይ ቁጥር ደውላ፣ ስሟንና የልደት ቀኗን ብቻ አስገብታ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም «ሰነድሽን አምጪና ደረጃሽን አሳድጊ» አላላትም። ሰሞኑን ስንሞክር ደግሞ ጥያቄዋ ተመለሰ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን። የአያቷ ስም ሲሙ ላይ «ገ/ማርያም» ተብሎ ተመዝግቧል፣ ፋይዳው ላይ «ገብረማርያም» ነው። የልደት ቀኗም ሲሙ ላይ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 1985 ተብሎ ነው የገባው፤ ፋይዳው ያንኑ ቀን ማርች 13፣ 1993 ይለዋል። ለእኛ አንድ ቀን ነው። ሁለቱን የሚያወዳድረው ማሽን ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያያል። ስሟንና ቀኑን መጀመሪያ በሲሙ ምዝገባ ላይ አስተካክለን መልሰን ስንልክ ደረጃዋ አደገ።

ስለዚህ መታወቂያችሁን ስላሳያችሁ ብቻ ደረጃችሁ አድጓል ብላችሁ አትተማመኑ። ፎቶው ተልኮ ገና ያልተረጋገጠ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ክፍያ ከመድረሱ ከአንድ ሳምንት በፊት ደረጃችሁን አረጋግጡ። አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ እላለሁ፦ «ደረጃህን ላሳድግልህ» ብሎ ደውሎ ፒን ወይም በመልእክት የመጣ ቁጥር የሚጠይቅ ሌባ ነው። ደረጃ ለማሳደግ ሰነድ ይጠየቃል እንጂ ፒናችሁን ለማንም መንገር አያስፈልግም።

አገልግሎት ሰጪዎችን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሲስተሙ ክፍያውን የመለሰበትን ምክንያት ያውቀዋል፤ የትኛው ጣሪያ እንደነካ ሳያውቅ ሊመልሰው አይችልም። ታዲያ ለምን «አልተሳካም» ብሎ ብቻ ይዘጋል? የተቀባዩን ቀሪ ሂሳብ እንደማይገልጥ ይገባኛል፣ የሰው ምስጢር ነው። «ተቀባዩ ይህን መጠን መቀበል አይችልም» ማለት ግን ይቻላል። ለራሳችን ገደብማ ምንም ምስጢር የለም። ያቺ እናት ያን ቀን ስልኳ ላይ «የቀን ገደብዎ 5,000 ብር ነው፤ ዛሬ 1,200 ተጠቅመዋል፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት 3,800 ይቀርዎታል» የሚል አንድ መስመር ብታነብ ኖሮ እንባዋን ይዛ ሱቄ አትመጣም ነበር። ብሔራዊ ባንክ ይህን መስመር ግዴታ ቢያደርገው እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞባይል ገንዘብ ወኪል
ሀዋሳ