«ይታይ» ተብለው ስለሚመለሱ የመልስ ወረቀቶች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ከምትልኩልን የመልስ መስጫ ወረቀቶች መካከል ጥቂቶቹ በአንድ ወይም በሁለት ጥያቄ ላይ «ይታይ» የሚል ምልክት ተደርጎባቸው ይመለሳሉ። ፕሮግራሙ በጣም የጠቆረውን ክብ ወስዶ እርማቱን ለምን እንደማይጨርስ የጠየቃችሁን መምህራን ስላላችሁ፣ ምክንያቱን በዝርዝር ልናስረዳችሁ ወደድን።

ፎቶው ሲደርሰን ፕሮግራሙ በመጀመሪያ በወረቀቱ አራት ማዕዘኖች የታተሙትን ጥቁር ካሬዎች ፈልጎ፣ በእነሱ መሠረት የተንጋደደውን ምስል ያቃናል። ከዚያ እያንዳንዱን ክብ አጠገቡ ካለው ያልተጻፈበት ወረቀት ጋር ያነጻጽራል፤ እንዲህ የሚያደርገው ከፊሉ ወረቀት ጥላ ውስጥ ከፊሉ ብርሃን ላይ ሊሆን ስለሚችል ነው። ለክቡም ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የጥቁረት ልክ ይሰጠዋል። 0 ማለት ንጹሕ ወረቀት፣ 100 ማለት የማዕዘኑን ካሬ ያህል የጠቆረ ማለት ነው። በክቡ ውስጥ የታተመው ፊደል ራሱ የተወሰነ ጥቁረት ስላለውም፣ ማንም ካልሞላው ወረቀት ላይ የተለካው የፊደሉ ጥቁረት አስቀድሞ ይቀነሳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ተማሪ ወረቀት ላይ የ17ኛው ጥያቄ ክቦች ልክ ሀ 3፣ ለ 34፣ ሐ 61፣ መ 2 ሆኖ ተገኘ እንበል። ሐ በግልጽ የጠቆረ ነው፤ ለ ግን ባዶ አይደለም። ተማሪው ለን አጥቁሮ በላጲስ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም አጥቁሮ አንዱን እርሳሱን ሳይጫን አልፎትም ሊሆን ይችላል። ይህ ተማሪ በሌሎቹ ጥያቄዎች ያጠቆራቸው ክቦች ከ58 እስከ 70 ስለሆኑ 34 ለእሱ ከተለመደው ግማሽ ያህል ነው፤ ስለዚህ ላጲስ የመሆኑ ግምት ያይላል። እርሳሱን በቀላሉ የሚያስኬድ ሌላ ተማሪ ግን ሁሉም መልሶቹ 35 አካባቢ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለእሱ 34 ሙሉ መልስ ነው። ያው ቁጥር በአንዱ ወረቀት የላጲስ ርዝራዥ፣ በሌላው መልስ ሲሆን ለሁሉም የሚሠራ አንድ ድንበር ማበጀት አይቻልም። ስለዚህ ፕሮግራማችን እያንዳንዱን ምልክት ከዚያው ተማሪ ሌሎች ምልክቶች ጋር ያመዛዝናል፤ በጥቁረት ሁለተኛ የሆነው ክብ ከተማሪው የተለመደ ጥቁረት አንድ ሦስተኛ በላይ ከሆነ ደግሞ ራሱ አይወስንም፤ የጥያቄውን ረድፍ ቆርጦ ወደ እናንተ ይልካል። በምሳሌያችን 34 ከዚህ ወሰን በላይ ስለሆነ ጥያቄው «ይታይ» ይባላል። የላጲስ ርዝራዥ ብዙ ጊዜ ከክቡ ወጥቶ ስለሚሠራጭ፣ የተላከላችሁን ቁራጭ ፎቶ ስታዩ በመጀመሪያ የክቡን ዙሪያ ተመልከቱ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የመልስ ቁልፉ ከመከፈቱ በፊት መሆኑን በተለይ እንድታውቁልን እንፈልጋለን። ሥራ በጀመርንበት ጊዜ ንባቡና እርማቱ አንድ ላይ ይካሄዱ ነበርና፣ ሁለት ክብ ያጠቆረ ተማሪ አንደኛው ከቁልፉ ጋር ከተስማማ ነጥብ ያገኝ ነበር። ስሕተቱን ያገኘው አንድ መምህር ነው፤ ለዚያ ተማሪ ያልተገባ ነጥብ መስጠታችን፣ ለሌሎቹም ሚዛኑን ማጓደላችን አሳዝኖናል። አሁን ምልክቱ አጠራጣሪ መሆን አለመሆኑ ሙሉ በሙሉ ከተወሰነ በኋላ ብቻ ቁልፉ ይነጻጸራል፤ «ይታይ» በተባለው ቁራጭ ፎቶም ላይ ትክክለኛው መልስ አይጻፍም፤ መልሱን አስቀድሞ ያወቀ ዓይን ወደዚያው ያዘነብላልና።

ፕሮግራሙ ሊያገኘው የማይችለው ስሕተትም አለ። ተማሪው አንድ ጥያቄ ዘሎ የ12ኛውን መልስ በ11ኛው ረድፍ ላይ ካጠቆረና እስከ መጨረሻው እንዲሁ ከቀጠለ፣ ምልክቶቹ ሁሉ ንጹሕ ስለሆኑ ምንም «ይታይ» አይወጣም። ጎበዝ የምትሉት ተማሪ ከአንድ ቦታ ጀምሮ በተከታታይ ከሳተ ወረቀቱን እናንተ ራሳችሁ አንድ ጊዜ እንድታዩለት እንጠይቃለን።

«ይታይ» የሚባሉትን ለመቀነስ ደግሞ ፎቶ ስታነሡ ፍላሽ አትጠቀሙ። የእርሳስ ምልክት ብርሃን ሲወድቅበት ስለሚያብለጨልጭ በደንብ የጠቆረው ክብ ገርጥቶ ይታያል፤ ከላጲስ ርዝራዥም የማይለይ ይሆናል። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ የስልካችሁ ጥላ እንዳያርፍበት አድርጉ፤ አራቱም ካሬዎች በፎቶው ውስጥ መግባታቸውን ሳታረጋግጡ አትላኩ። አንድ ካሬ ከተቆረጠ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ሳይታረም ይመለሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የእርማት ክፍል