ልጄ፣ መልቀቂያሽን ሳትይዢ እንዳትወጪ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ትላንት ቡና አፍልታ ስምሽን ስታነሳ ነበር። ደሴ ብርዱ ገና አልለቀቀም።

ከኮምቦልቻው ፋብሪካ ለቀሽ አዲስ አበባ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ልትገቢ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ግን በስልክ «ለመልቀቂያው ምን አስቸኮለኝ፣ በኋላ እወስደዋለሁ» ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በኋላ እወስደዋለሁ ያልኩት እኔም ነበርኩ። ምን እንደደረሰብኝ በቅጡ አጫውቼሽ አላውቅምና ዛሬ ልጻፍልሽ።

በ1974 ደሴ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ገባሁ። መጀመሪያ ረዳት መካኒክ ነበርኩ፣ ሥራ ለማጅ። የሚከፈለኝ በቀን ሂሳብ ነው። አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቼ ከመስከረም 1975 ጀምሮ ቋሚ ሆንኩ። ነሐሴ 1981 ላይ ለቅቄ ወጣሁና ለግል መኪና ባለቤቶች መሥራት ጀመርኩ። መስከረም 1995 ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እንደገና ወደ መንግሥት ተመለስኩ። እዚያው እያለሁ 60 ዓመት ሞላኝና በ2012 መጨረሻ ጡረታ ወጣሁ።

ፋይሌ ሲታይ የተቆጠረልኝ የኋለኛው 18 ዓመት ብቻ ነበር። የጋራዡ 7 ዓመት የለም። «ማስረጃ አምጣ» ተባልኩ።

ሂሳቡን ልንገርሽ፣ ነገሩ የሚገባሽ በሂሳቡ ነው። ለሲቪል ሠራተኛ የመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያስገኛል። ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨምራል። የእኔ አማካይ ደመወዝ 4,000 ብር ነበር። በ18 ዓመት 40 በመቶ፣ ማለትም በወር 1,600 ብር ይሆናል። የጋራዡ 7 ዓመት ሲደመር 25 ዓመት፣ 48.75 በመቶ፣ በወር 1,950 ብር። ልዩነቱ 350 ብር ነው፣ በየወሩ፣ እስከ ዕድሜዬ ማብቂያ። 8 ዓመት ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። 10 ዓመት ካልሞላ የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት እንጂ የወር አበል አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው አንድ የጠፋች የቅጥር ደብዳቤ ማለት የጡረታው መኖር አለመኖር ነው።

ጋራዡ ከፈረሰ ቆይቷል። ንብረቱንና ፋይሉን ሌላ መሥሪያ ቤት ወርሷል። እዚያ ሄጄ የሥራ ልምድ ጠየቅኩ። ጸሐፊዋ ቅን ሰው ነበረች፤ «ከ1974 እስከ 1981 ሠርቷል» ብላ ጻፈችልኝ። ደስ ብሎኝ ይዤው ሄድኩ። መልሰው ሰጡኝ። ለምን? 1974 የቀን ሠራተኛ ነበርኩ፣ ጡረታ የሚታሰበው ግን ከቋሚነት ነው። ደብዳቤው ሁለቱን ደባልቋል። ከደመወዝ መክፈያው ጋር ሲተያይ ደግሞ አይገጥምም። የማይገጥም ማስረጃ ይዘሽ ከሄድሽ እውነተኛው 7 ዓመት ራሱ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ መዝገብ ቤት ገባሁ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ፋይሎቹ በገመድ ታስረው መሬት ላይ ተከምረዋል፣ ጠርዛቸውን አይጥ በልቶታል። በሦስተኛው ቀን የ1975ን መክፈያ ሊስት አገኘሁት። ተራ ቁጥር 14፣ ስሜ። ደመወዝ 175 ብር፣ የጡረታ 7 ብር ተቆርጦ። ያኔ ከሠራተኛው የሚቆረጠው ከመቶ 4 ነበር፣ ልክ ነው። ጎኑ ላይ የልጅነት ፊርማዬ። ልጄ፣ እንባዬ መጣ። የ1974ን የቀን ሠራተኞች መክፈያም አየሁት፤ የጡረታ የሚል ዓምድ ጭራሽ የለውም። ልዩነቱ ያለው እዚያች ዓምድ ላይ ነው። አንድ የቆየ አገልግሎት ይያዝልኝ አይያዝልኝ ብለሽ ስታስቢ መጀመሪያ የምታይው እሷን ነው።

ያን ኮፒ አስደርጌ፣ ማህተም አስመትቼ፣ የሥራ ልምዱን «ከመስከረም 1975 እስከ ነሐሴ 1981 በቋሚነት» አስብዬ አስለወጥኩ። ስለቀቅ ዳረጎትም ሆነ የተመለሰልኝ መዋጮ እንደሌለ አብሮ እንዲጻፍ አደረግኩ፣ ይህንንም ይጠይቃሉና። ነገሩ አለቀ ስል ሌላ መጣ። በመክፈያው የአባቴ ስም «መሐመድ» ነው፣ በኋለኛው ፋይሌ «ሙሐመድ»። በእኛ አገር ይሄ ምንም አይደለም፣ ሁሉም አንድ ብሎ ነው የሚጠራው። ለመዝገብ ግን ሁለት ሰው ነው። አንድ ሰው መሆኔን በፍርድ ቤት አረጋግጬ ነው ያለፍኩት። ሁሉም ተደምሮ አምስት ወር ፈጀ።

ይህ የሆነው በ2013 ነው። በዓመቱ፣ በ2014 ጥቅምት፣ ጦርነቱ ደሴ ገባ። ምን እንደሆነ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ከተመለስን በኋላ ያንን መዝገብ ቤት ሄጄ አየሁት። በሩ ተገንጥሏል፣ ወረቀቱ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ዝናብ መትቶታል። አንድ ዓመት ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ ያቺ ተራ ቁጥር 14 አትገኝም ነበር። ብዙ ጓደኞቼ ዛሬም ማስረጃ ፍለጋ ላይ ናቸው።

አጎትሽም ከእነሱ አንዱ ነው። በደርግ ጊዜ ወታደር እንደነበረ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አብረውት የዘመቱ ሦስት ሰዎች ይዞ ሄደ። «ምስክር አይበቃም፣ ሰነድ» ተባለ። የወታደር ፋይል ደግሞ ቀበሌም ወረዳም አይገኝም፣ በመከላከያ በኩል ነው የሚፈለገው። ለዚያ የመለያ ቁጥሩ፣ የነበረበት ክፍል፣ የተቀጠረበትና የተሰናበተበት ቀን ያስፈልጋል። መታወቂያው ጠፍቶበታል። አሁን ከድሮ ደብዳቤዎቹ ላይ ቁጥሩን እየፈለገ ነው። አላህ ይርዳው።

አንቺ ግን አብሽሪ፣ ጊዜ አለሽ። እኔ ለግል ሰው የሠራሁት 13 ዓመት አልታሰበልኝም፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የመጣው በ2003 ነውና። የአንቺ የፋብሪካ ሦስት ዓመት ግን ከመንግሥት አገልግሎትሽ ጋር ይደመራል። እንዲደመር ግን መታየት አለበት። ከደመወዝሽ 7 በመቶ መቆረጡን ከፔሮልሽ ታውቂያለሽ። ድርጅቱ የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ማድረጉን ግን ፔሮሉ አይነግርሽም። ከሠራተኛው ቆርጠው ገቢ የማያደርጉ አሉ። ስለዚህ የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ይዘሽ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ቅርንጫፍ ሂጂና ሦስቱም ዓመት በስምሽ መግባቱን ጠይቂ። የጎደለ ወር ካለ ፋብሪካው ውስጥ ሳለሽ ማስተካከል ይቀላል።

ከዚያ የቅጥር ደብዳቤሽን፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ወር ፔሮልሽንና መልቀቂያሽን በእጅሽ አድርጊ። መልቀቂያውን ሲሰጡሽ አጣጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ እንዳትከቺው። እዚያው ቆመሽ አንብቢው። የገባሽበት ቀን ከቅጥር ደብዳቤሽ ጋር ይግጠም፣ ስምሽና የአያትሽ ስም እንደ መታወቂያሽ ይጻፍ፣ ቋሚ መሆንሽ ይገለጽ፣ ቁጥርና ማህተም ይኑረው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሳይስተካከል አትውጪ። ፎቶ አንስተሽ ለእኔም ለወንድምሽም ላኪልን፤ ዋናውን አዲስ አበባ ይዘሽው ሂጂ፣ ኮፒውን ደግሞ እኔ ዘንድ አስቀምጪ። የእኔ ወረቀቶች ያሉበት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቦታ አዘጋጅቼልሻለሁ።

ቅዳሜ ስትመጪ ይዘሽው ነይ። እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

አባትሽ፣
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ