መኪና ውስጥ ትታችሁት ስለምትሄዱት እቃ

ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ ለንደን ፉል ኢንሹራንስ አለኝ ብላችሁ መኪና ውስጥ ያለው እቃ ሁሉ የተሸፈነ እንዳይመስላችሁ። ላፕቶፕ ኋላ ወንበር ላይ ትታችሁ መስታወት ተሰብሮ ቢወሰድ ኢንሹራንሶቹ መስታወቱን ኤክሰሱን፣ ማለትም እናንተ ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን ድርሻ፣ ቀንሰው ይሸፍናሉ፣ ላፕቶፑን ግን ብዙ ጊዜ አይከፍሉም፣ ምክንያቱም ፖሊሲው እቃው ከእይታ ውጪ፣ በተቆለፈ ቡት ወይ በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ መሆን አለበት ይላል። የነሱ ስሌት ሌባ መስታወት የሚሰብረው ላየው ነገር ነው፣ ስለዚህ እያየ ከወሰደው ጥንቃቄ አላደረጋችሁም ነው የሚሉት (ጃኬት ጣል ማድረግም ላያድናችሁ ይችላል)። ቡት ውስጥ ቢሆን እንኳ ተሰብሮ የተገባበት ምልክት ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ ፎቶ አንሱ፣ ከፖሊስም የክራይም ሬፈረንስ ቁጥር ተቀበሉ። ደግሞ ቡት ውስጥ የምታስገቡት ከቤት ስትነሱ ይሁን፣ ፓርክ ካደረጋችሁ በኋላ ከሆነ ቆሞ የሚያይ አይጠፋም።