የቆጣሪ ቦርዳችን አልፎ አልፎ የተሳሳተ ቁጥር ያነበበበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

አንዳንዶቻችሁ ቦርዱ ለሰዓታት በትክክል ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ከ127 ወደ 255 እንደሚዘልና በሚቀጥለው ንባብ 128 ላይ እንደሚገኝ ነግራችሁናል። ሴንሰራችሁም ሽቦአችሁም ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ዲዛይን ነው። ይቅርታ እየጠየቅን ምክንያቱን እናስረዳችኋለን።

ቆጣሪው በ40 ሜጋኸርዝ፣ ንባቡን የሚልከው ክፍል በ100 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ክሎኮቹ ከየራሳቸው ክሪስታል ስለሚነሱ አንዱ የሌላውን ምት አይጠብቅም። አንድ ቢት የሚይዘው ፍሊፕ-ፍሎፕ ደግሞ በክሎኩ ጠርዝ ዙሪያ ግቤቱ እንዳይለወጥበት ይፈልጋል። በዚያች ጠባብ ቅጽበት ከተለወጠ ውጤቱ 0ም 1ም ሳይሆን መሃል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል፤ ሜታስታቢሊቲ የምንለው ይህንን ነው። ተንጠልጥሎ የመቆየቱ ዕድል በየናኖሰከንዱ ክፍልፋይ እጅግ ስለሚመነምን፣ ሁለተኛ ፍሊፕ-ፍሎፕ ከኋላው እናስቀምጣለን። በ100 ሜጋኸርዝ ወደ 10 ናኖሰከንድ የሚጠጋ የመረጋጊያ ጊዜ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ሌላ ጌት ከገባ ግን ያንን ጊዜ ይበላዋል።

```verilog
(* ASYNC_REG = "TRUE" *) reg s1, s2;
always @(posedge clk100) begin
  s1 <= req;
  s2 <= s1;
end
```

ሲንክሮናይዘር የምንለው ይህ ጥንድ የሚሰጠን የተረጋጋ ውጤት ነው፤ ለውጡ በዚህኛው ጠርዝ ይድረስ ወይስ በሚቀጥለው፣ ያንን አይወስንም። ለአንድ ቢት ችግር የለውም። እኛ ግን ለስምንቱም ቢት ለየብቻ ጥንድ ሠራን። ከ127 ወደ 128 ሲታለፍ 01111111 ወደ 10000000 ይለወጣል፤ ስምንቱም ባንድ ጊዜ ይገለበጣሉ። ላይኛው ቢት ቀድሞ ሰባቱ በአንድ ጠርዝ ቢዘገዩ የሚነበበው 11111111 ነው፣ ማለትም 255። ሲሙሌሽናችን ቢቶቹን ሁሉ እኩል ስላደረሳቸው አላሳየንም። ያነቃን እናንተ የላካችሁት መዝገብ ነው፤ የተሳሳቱት ንባቦች የተሰበሰቡት ከ63ና ከ127 ቀጥሎ፣ ብዙ ቢት በሚገለበጥበት ቦታ ነበር።

አሁን በሃንድሼክ ተክተነዋል። ቆጣሪው ቁጥሩን ወደ ማቆያ ሬጅስተር ቀድቶ `req`ን ያነሣል። ሲንክሮናይዘሩን የሚያልፈው `req` ብቻ ነው። ተቀባዩ ሲያየው፣ ቀድመው የረጉትንና የማይነቃነቁትን ስምንት ቢቶች ወስዶ `ack`ን ያነሣል፤ `ack`ም በራሱ ጥንድ ተመልሶ ይሻገራል። ከዚያ `req` ይወርዳል፣ `ack` ይከተላል፣ ቀጣዩ ቁጥር ወደ ሬጅስተሩ ይቀዳል። `ack` ሳይወርድ ሬጅስተሩን መንካት ክልክል ነው።

አንድ ዙር ከሩብ ማይክሮሰከንድ ብዙም ስለማይርቅ፣ በፍጥነት ከተቆጠረ በመሃል ያሉ ቁጥሮች ሳይነበቡ ያልፋሉ። ቆጠራው ግን አንድም ምት አይጎድልበትም።

አዲሱን ፋይል ከጫናችሁ በኋላ ቦርዱን አንድ ሌሊት አስቆጥሩትና በ127 እና በ128 መካከል ሌላ ቁጥር ከታየ መዝገቡን ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲዛይን ክፍሉ