ስለ ትኩሳትና ወደ ክፍል መመለሻ ጊዜ

ውድ ወላጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ያተኮሰው ልጅ ወደ ክፍል የሚመለሰው ያለ ማስታገሻ 24 ሰዓት ሙሉ ሳያተኩሰው ሲቆይ ነው። ትኩሳት የምንለው በብብት ተለክቶ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው።

የሚያስቸግረን የጠዋቱ ሽሮፕ ነው። ፓራሲታሞል ከ4 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሚያስታግስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወስዶ ደህና መስሎ የገባ ልጅ 6 ሰዓት ሳይሞላ ፊቱ ቀልቶ ዴስኩ ላይ ይተኛል። እስከዚያ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ኮዳ ጠጥቷል።

ቆጠራው እንዲህ ነው፦ ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት የመጨረሻውን ሽሮፕ ወሰደ እንበል። ረቡዕ ጠዋት ሳይወስድ ሲለካ ትኩሳት የለውም። ረቡዕን ቤት ይውላል፤ ካልተመለሰበት ሐሙስ ጠዋት ይመጣል። ፈተና ቢኖርም ያው ነው፤ መምህሩን አነጋግሩ።

እኛ ኮምቦልቻ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። የወባ ትኩሳት አንድ ቀን ለቆ በማግስቱ ሊመለስ ስለሚችል 24 ሰዓቱ ያታልላል። በተለይ ሰሞኑን ባቲ ወይም ከሚሴ ደርሶ የመጣ ልጅ ካተኮሰው፣ ትኩሳቱ ቢለቀውም ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሙን አስመርምሩ።