ገቢ በ10 በመቶ ቢቀንስ ትርፋችሁ በስንት ይቀንሳል? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰኔ 30 አልፏል፤ የአብዛኞቻችሁ ደረሰኝም በካርቶንም በፌስታልም ቢሮአችን ገብቷል። ሒሳቡን እየዘጋን ሳለ ማተሚያ ቤት ያላቸው አንድ ደንበኛችን መጥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁን። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በእሳቸው ጥያቄ ምክንያት ነው። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ቁጥሮቹንም ለአነባበብ እንዲመቹ አጠጋግተናቸዋል።

«ዘንድሮ ሥራ የሚቀዘቅዝ ይመስለኛል» አሉ። «ገቢዬ 10 በመቶ ቢወርድ ትርፌም 10 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው፤ እሱን እችለዋለሁ። አይደለም እንዴ?»

አይደለም። ወረቀትና ካልኩሌተር አወጣን፤ ሻይም አስመጣን።

የዓመቱ ሽያጫቸው 12,000,000 ብር ነበር። ይህ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያልገባበት ነው። ከደንበኛ የሚሰበሰበው 15 በመቶ የመንግሥት ስለሆነ ገቢ ላይ አይደመርም። አንዳንዶቻችሁ የባንክ ስቴትመንት ላይ የገባውን በሙሉ ደምራችሁ «ሽያጬ ይኼ ነው» ስለምትሉን ነው ነገሩን ያነሳነው። መነሻው ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻል።

ወጪያቸውን ሁለት ቦታ ከፈልነው። አንደኛው ሥራ ሲኖር የሚወጣ፣ ሥራ ሲጠፋ የሚቀር ነው፦ ወረቀት፣ ቀለም፣ ፕሌት፣ በቁጥር ለሚከፈላቸው ጠራዦች የሚሰጥ ገንዘብ። ይህ በዓመት 6,000,000 ብር ነው። ከሚሸጡት 100 ብር ውስጥ 50 ብሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ይህን ተለዋዋጭ ወጪ እንበለው።

ሁለተኛው ማሽኑ ቢዞርም ባይዞርም የሚከፈል ነው። የቤት ኪራይ በወር 150,000፣ በዓመት 1,800,000 ብር። የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ አሠሪው ከሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ ጋር 2,400,000። የባንክ ወለድ 360,000። የማሽኑ የእርጅና ቅናሽ 480,000። መብራት፣ ስልክ፣ ጥበቃና የመሳሰለው 240,000። ድምሩ 5,280,000 ብር ይመጣል። ቋሚ ወጪ የምንለው ይህን ነው።

ከ12,000,000 ላይ ሁለቱን ስንቀንስ 720,000 ብር ተረፈ። ከሽያጩ 6 በመቶ መሆኑ ነው። ይህ ከግብር በፊት ያለው ነው። የግብሩ አሰላል ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ እዚህ ሆን ብለን ትተነዋል።

አሁን ሥራው በ10 በመቶ ይቀንስ። ሽያጩ 10,800,000 ይሆናል። ወረቀቱና ቀለሙም አብሮ ይቀንስና 5,400,000 ይሆናል። ቋሚው ግን ንቅንቅ አይልም፤ አከራዩ «ዘንድሮ ሥራ ቀዝቅዞባችኋል» ብሎ ኪራይ አይቀንስም። 10,800,000 ሲቀነስ 5,400,000፣ እንደገና ሲቀነስ 5,280,000። የቀረው 120,000 ብር ነው።

ሽያጩ የወረደው በ10 በመቶ ነው፤ ትርፉ ግን በ83 በመቶ። ባለቤቱ ካልኩሌተሩን ከእጃችን ወስደው ራሳቸው ደገሙት። ያው 120,000 መጣ።

አንዱን ቁጥር ነካ አድርጎ የመጨረሻው ውጤት ምን ያህል እንደሚናወጥ ማየት በሙያችን ሴንሲቲቪቲ አናሊሲስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ከላይ የሠራነው እሱኑ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደብዳቤ ባልጻፍን። ባለቤቱን «ገቢው የሚወርደው ለምንድን ነው?» ስንላቸው ትንሽ አሰቡና፣ «እውነቱን ለመናገር ሥራው አይጠፋም፤ ግን ሰፈሩ ውስጥ ሁለት አዳዲስ ማተሚያ ቤቶች ተከፍተዋል። ዋጋ ካልቀነስኩ ደንበኛ ይሄድብኛል» አሉ።

ይሄማ ሌላ ስሌት ነው። ያንኑ ያህል መጽሔትና የሠርግ ካርድ ያትማሉ፤ ያንኑ ያህል ወረቀት ይበላሉ። የሚቀንሰው የሚቀበሉት ብር ብቻ ነው። ሽያጩ እንደ ቅድሙ 10,800,000፤ ተለዋዋጩ ግን 6,000,000 እንዳለ ነው፤ ቋሚውም 5,280,000። ውጤቱ የ480,000 ብር ኪሳራ ሆነ።

በወረቀት ላይ ሁለቱም «የ10 በመቶ የገቢ ቅናሽ» ናቸው። አንደኛው ትንሽ ትርፍ ያስቀራል፣ ሌላው ዓመቱን በቀይ ያስጨርሳል። ስለዚህ «ገቢ በ10 በመቶ ቢቀንስስ?» ተብሎ ብቻ የተሠራ ስሌት ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የሥራ ብዛት ነው ወይስ ዋጋ ነው የቀነሰው ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከሌለ ስሌቱ አልተሠራም።

በኤክሴል ለምትሠሩት፣ ልዩነቱ ያለችው አንዲት ቅንፍ ላይ ነው። `B1` ላይ ሽያጩን፣ `B2` ላይ ለውጡን (`-10%`)፣ `B3` ላይ ተለዋዋጩን፣ `B4` ላይ ቋሚውን ጻፉ። የመጀመሪያው መስመር ሥራ ሲቀንስ ነው፤ ሁለተኛው ዋጋ ሲቀንስ።

```
=B1*(1+B2)-B3*(1+B2)-B4
=B1*(1+B2)-B3-B4
```

ከዚያ `B2`ን እየቀያየራችሁ ውጤቱ ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ ፈልጉ። ለማተሚያ ቤቱ ሥራው በ12 በመቶ ሲወርድ ዜሮ ይመጣል። በዋጋ ከሆነ ግን 6 በመቶ ላይ አለቀ። እኛ ባለቤቱን እንዲይዙት የመከርናቸው ከ83 በመቶው ይልቅ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው። 83 በመቶ ያስደነግጣል፤ 12 እና 6 ግን ደንበኛ ሲደራደር ጭንቅላት ውስጥ የሚያዙ ቁጥሮች ናቸው።

«ዋጋ ብቀንስም ሥራ ይበዛልኛል፣ ያካክሰዋል» የሚል ሐሳብም አነሱ። ተገቢ ሐሳብ ነው፤ ግን ስንት ሥራ? ዛሬ ከ100 ብር ሥራ 50 ብር ለወረቀትና ለቀለም ወጥቶ ለቋሚው ወጪ የሚተርፈው 50 ብር ነው። ዋጋው 90 ሲሆን የሚተርፈው 40 ብር ብቻ ነው። ድሮ 4 ሥራ የሚያመጣውን ለማግኘት አሁን 5 ሥራ ያስፈልጋል። ማለትም 10 በመቶ ለቀነሱት ዋጋ 25 በመቶ ተጨማሪ ሥራ ማግኘት አለባቸው፤ ያውም ያው ማሽን፣ ያው ሠራተኛ ከቻለው። ኦፕሬተሩ ማታ ማታ ማምሸት ከጀመረ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለሚመጣ 25 በመቶውም አይበቃም።

ብዙ ጊዜ የምናየውን ስሕተት እንንገራችሁ። አምና ለራሳችን ቢሮ ዕቅድ ስናወጣ እኛም ሠርተነዋል፤ አይነገርም እንጂ። ሠንጠረዡ ላይ ያለውን መስመር ሁሉ፣ ኪራዩንም ደመወዙንም፣ በ0.9 ማባዛት ነው። ማተሚያ ቤቱ ላይ እንዲህ ቢሠራ ትርፉ 648,000 ይወጣል፤ ሰላም ይመስላል። ስሕተቱን መለየት ቀላል ነው፦ ትርፉን ለሽያጩ አካፍሉት። ከቅናሹ በፊትም 6 በመቶ፣ ከቅናሹ በኋላም ልክ 6 በመቶ ከሆነ አንድ ሰው ሁሉንም አባዝቶታል ማለት ነው። ቋሚ ወጪ ያለበት ድርጅት ሽያጩ ሲወርድ ያ መቶኛ አብሮ መውረድ አለበት።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር የትኛው ወጪ የት እንደሚገባ ነው። መብራትን ባለቤቱ «ከሥራ ጋር ይሄዳል» ብለውን ነበር። ቢሎቹን አወጣን። ለአዲስ ዓመት ካላንደር በሚታተምበት ነሐሴ ሽያጩ 1,500,000 ብር ሲሆን መብራቱ 14,000 ነበር። የሠርግ ካርድ በሚጠፋበት በዐቢይ ጾም ሽያጩ 700,000 ሆኖ ሳለ መብራቱ 10,000 መጣ። ሥራው ከግማሽ በታች ሲወርድ መብራቱ የቀነሰው 4,000 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ቋሚው ውስጥ ከተትነው። እናንተም ስትጠራጠሩ ሥራ የበዛበትን አንድ ወር ሥራ ከጠፋበት ወር ጎን አስቀምጡት፤ ቢሉ ራሱ ይናገራል።

ሁሉም ድርጅት እንደ ማተሚያ ቤቱ አይደለም። አፀደ ሕፃናት የምታስተዳድሩ ደንበኞቻችን 10 ልጅ ከ100 ቢወጣባችሁ የመምህሯም የክፍሉ ኪራይም ወጪ ያው ነው። የሚቀረው ምግብና የጽሕፈት ዕቃ ስለሆነ የጠፋው ገቢ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከትርፍ ላይ ይሄዳል። እህል ነጋዴው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከ100 ብር ሽያጭ 92ቱ ለጤፉ መግዣ የሚወጣ ከሆነ፣ 10 በመቶ ያነሰ ኩንታል ቢሸጥ የሚያጣው ከዚያች 8 ብር ላይ ብቻ ነው። ሽያጭ ሲቀዘቅዝ እንደ እሱ ተረጋግቶ የሚተኛ የለም። ዋጋ በ10 በመቶ ቢወርድበትና ጤፉን አስቀድሞ በድሮው ዋጋ ገዝቶ ከሆነ ግን ከእያንዳንዱ 100 ብር ላይ 2 ብር ከኪሱ ይጨምራል፤ ያውም ኪራዩ ገና ሳይነሳ።

ስሌቱ የማያሳየው ነገርም አለ። አንደኛው ጥሬ ገንዘብ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሥራው ሲቀንስ 120,000 ብር ያተርፋል ብለናል። የእርጅና ቅናሹ 480,000 ከካዝና የሚወጣ ብር ስላልሆነ መልሰን ስንደምረው 600,000 በእጅ ይገባል። የማሽኑ ብድር ግን ወለዱን ሳይጨምር ዋናው በዓመት 600,000 ይከፈላል። ስለዚህ ትርፍ አለ ተብሎ በተጻፈበት ዓመት፣ ደንበኞቹ ሁሉ በወቅቱ ቢከፍሉ እንኳ፣ ካዝናው ባዶ ነው። በዱቤ የቀረ አንድ ትልቅ ሥራ ካለ ደግሞ የባንኩ ክፍያ ይዘገያል።

ሁለተኛው «ቋሚ» የሚለው ቃል ነው። ቋሚ የሆነው ለዚህ ዓመት ነው። የኪራይ ውሉ ሲያልቅ ጠበብ ያለ ቤት መግባት ይቻላል፤ ሠራተኛ መቀነስም ይቻላል፣ የስንብት ክፍያው ግን በዚያው ዓመት ወጪ ላይ ይጨመራል። ለ10 በመቶ ቅናሽ ሠራተኛ ማሰናበት ብዙ ጊዜ አያዋጣም ብለን እናምናለን። ለ30 በመቶ ሲሆን ግን ከላይ የጻፍነው ስሌት አይሠራም፤ ኪራዩም ደመወዙም እንደ አዲስ መታየት አለባቸው።

ባለቤቱ በመጨረሻ ዋጋውን ለሁሉም ላለመቀነስ ወሰኑ። በብዛት ለሚያሳትሙ ሦስት ደንበኞች ብቻ 4 በመቶ ቀነሱ፤ የቀሩትን በቀጠሮ ቀን በማድረስ ሊይዟቸው አስበዋል። ይሳካላቸው አይሳካላቸው የምናየው ጥር ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን 6 ወር ሒሳብ ያኔ እንዘጋለን።

የዓመቱን ሪፖርት ልትወስዱ ስትመጡ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ጨምረን እንሰጣችኋለን፦ ሥራ ሲቀንስና ዋጋ ሲቀንስ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን። ለዚያ የሚያስፈልገን ሁለት ነገር ነው። የኪራይ ውላችሁ ኮፒ፣ እና በቁጥር ወይም በቀን የምትከፍሏቸው ሠራተኞች ዝርዝር። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩትም ይበቃል፤ ብቻ ጥላችሁ ወረቀቱ ላይ አይረፍ፣ ባለፈው ግማሹ ውል ጥላ ሸፍኖት መጥቶ ነበር።

ከሰላምታ ጋር፣
የሒሳብ ቢሮአችሁ